ከዝርዝሩ የወጣው ኮድ

ወንድሟ አዳነ በሞተ በአራተኛው ወር፣ አለቃዋ ሮኒት አምሳለን ጠርታ አዲስ የበጀት ቅጽ እንድታዘጋጅ አዘዘቻት። አምሳለም እሺ አለች። በዚያ ሰሞን ለሚሏት ነገር ሁሉ መልሷ እሺ ነበር። ምሳ እንብላ ሲሏት እሺ፣ ስብሰባው ወደ ጠዋት ዞሯል ሲሏት እሺ፣ ደህና ነሽ ወይ ሲሏትም እሺ ብላ ታውቃለች። የጠየቃት ሰው ግራ ተጋብቶ ሲያያት፣ ምን እንዳለች እንኳ ልብ ሳትል ወደ ኮምፒውተሯ ትዞራለች።

የምትሠራው በአሽዶድ ከተማ ስድስት የሽማግሌዎች ክበብ በሚያስተዳድር ማኅበር ውስጥ ነው። የበጀት አስተባባሪ ከሆነች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በዓመቱ መዝጊያ ላይ የሚገጥማት ጣጣ ሁሌም አንድ ነበር። ክበቦቹ ወጪያቸውን በኤክሴል ይልካሉ፤ ግን ሁሉም እንደየልማዱ ነው የሚጽፈው። ሽማግሌዎችን ወደ ሐኪም ያመላለሰ አንድ ሚኒቡስ፣ አንዱ ክበብ ጋ በዕብራይስጥ «ሃሳዓ» (ማጓጓዣ)፣ ሌላው ጋ «ሃሳዖት» (ማጓጓዣዎች)፣ ሦስተኛው ጋ «ሚኒቡስ»፣ አራተኛው ጋ ደግሞ መሐሉ ላይ ሰረዝ የገባበት፣ ስም የሌለው ቁጥር ሆኖ ይመጣል። ለሰው ዓይን ያው አንድ ነገር ነው። ኤክሴል ግን አንዲት ፊደል ከተለየች ሌላ ነገር ነው ብሎ ለብቻው ይደምረዋል። ባለፈው ዓመት የመጓጓዣ ወጪ በአሥራ አንድ መስመር ተበታትኖ ወጣና፣ ገንዘብ ከሚሰጡት ለጋሾች አንዱ ሪፖርቱን ሳያነብ መለሰው።

«ሰው እንዳይጽፍ ነው የምፈልገው» አለች ሮኒት። «እንዲመርጥ ብቻ። ደግሞ ‹ልዩ ልዩ› የሚባል ነገር እንዳላይ። ሰው ማሰብ ሲሰለቸው የሚወረውረው እዚያ ነው።»

ሮኒት ክፉ ሰው አይደለችም። በለቅሶው ጊዜ መጥታ ተቀምጣለች ይባላል። አምሳለ ግን አታስታውሰውም።

ሥራው ሦስት ሳምንት ፈጀ። መጀመሪያ አሮጌዎቹን ስልሳ አንድ ኮዶች ዘረዘረች። የተደጋገመውን አንድ አደረገች፤ በዘጠና የሚያልቁት ሁሉ «ልዩ ልዩ» ነበሩና ጠቅልላ አወጣቻቸው። ሠላሳ ስምንት ቀሩ። እነዚያን በአንድ ገጽ ላይ በሰንጠረዥ አስቀመጠች፤ ቁጥሩንና ስሙን በአንድ ሳጥን አጣምራ፣ «4120 የሐኪም ጉዞ» እያለች። ቁጥር ብቻውን ለሰው ምንም አይነግርም። ቀጥሎ፣ የክበቡ ሠራተኛ በሚሞላው ገጽ ላይ፣ ኮድ በሚገባበት እያንዳንዱ ሳጥን ላይ ደንብ ጣለችበት፤ ከዚያ ሰንጠረዥ ውጭ የሆነ ነገር እንዳይቀበል። ሠራተኛው ሳጥኑን ሲነካ ጎኑ ላይ ትንሽ ቀስት ትወጣለች፤ ቀስቷን ሲጫን ዝርዝሩ ወደ ታች ይዘረገፋል፤ ከዚያ ውስጥ አንዱን መርጦ ያልፋል። ሠላሳ ስምንቱ በአንዴ እንዳይበዛበት ደግሞ መጀመሪያ ምዕራፉን ያስመርጠዋል። ጉዞ ካለ የጉዞዎቹ ኮዶች ብቻ ይወጡለታል፤ ምግብ ካለ የምግቡ ብቻ። የገንዘቡ ሳጥን ከቁጥር በቀር አይቀበልም፤ የቀኑ ሳጥን የበጀት ዓመቱን ቀን ብቻ።

ያልተፈቀደ ነገር የሚጽፍ ሰው ምን ይግጠመው የሚለውንም ወሰነች። ኤክሴል የተለያየ መልስ አለው። አንዱ ያስጠነቅቅና «እንቀጥል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሌላው ይከለክላል። «እንቀጥል ወይ?» የተባለ ሰው ሁሉ አዎን ነው የሚለው። የሚከለክለውን መረጠች። በመልእክቱ ላይ «ኮዱ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። እባክዎ ከዝርዝሩ ይምረጡ» ብላ ጻፈች። የዝርዝሩን ገጽ ደበቀችው፤ ሌላውን በሙሉ በይለፍ ቃል ቆለፈችና የሚሞሉትን ሳጥኖች ብቻ ክፍት ተወች።

ሥራውን ወደደችው ማለት አይቻልም። ግን አልከበዳትም። ጠዋት ተቀምጣ ቀና ስትል ቀትር ይሆናል፤ እንደገና ቀና ስትል ሰዎች ቦርሳቸውን ይዘው እየወጡ ነው። ያ ለእርሷ ጥሩ ነበር። ቤት ስትገባ ትበላለች፤ የበላችው ጨው ይኑረው አይኑረው አታውቅም። የአዳነ ሚስት ጸሐይነሽ አንዳንዴ ትደውላለች። ልጆቹ ደህና ናቸው ትላታለች፤ አምሳለም እግዚአብሔር ይመስገን ትላታለች፤ ስልኩ ይዘጋል። የጸሐይነሽ ቤት ሮቫ ዩድ ዛይን የሚባለው ሰፈር ነው፤ በአውቶቡስ ሃያ ደቂቃ አይፈጅም። ከሰባቱ የለቅሶ ቀናት ወዲህ አምሳለ ደጁን ረግጣ አታውቅም። ልሂድ ብላ ተነሥታ ያስቀራት ነገር ኖሮ አይደለም። ልሂድ ብላ አለመነሣቷ ነው።

በኅዳር መጨረሻ ቅጹ ለስድስቱም ክበብ ተላከ። ለሚመጣው ዓመት የሚጠይቁትን በጀት ብቻ ሳይሆን፣ የዘንድሮውን ወጪም በአዲሱ ኮድ ደግመው እንዲያስገቡ ታዘዙ፤ ሁለቱ ዓመታት እንዲነጻጸሩ። የዩድ ዛይን ክበብ አስተባባሪ ሲጋል በሁለት ቀን ጨርሳ ላከች። ሌሎቹም አንድ በአንድ መጡ። ቀስቷን እየተጫኑ መርጠው ነበርና አንድም የተወላገደ ስም አልነበረም። ሮኒት አምስቱን ደምራ ስታይ፣ የሐኪም ጉዞ በአንድ መስመር፣ በአንድ ድምር ተቀምጧል።

«ተመልከቺ ንጽሕናውን!» አለቻት።

«አየሁት» አለች አምሳለ።

የቀረው የሮቫ አሌፍ ክበብ ነበር። የዚያ አስተባባሪ አቶ ባሕሩ ናቸው። ስድሳ አምስት ዓመት አልፏቸዋል፤ በሱዳን በኩል በእግር የመጡ ሰው ናቸው። ኮምፒውተር የተማሩት በሃምሳ ዓመታቸው በማታ ትምህርት ነው፤ ስለዚህም አንድም ቁልፍ ሳያስቡ አይነኩም። ሐሙስ ጠዋት ደወሉላት።

«አምሳለ፣ ልጄ፣ ይኸ ወረቀትሽ አልቀበል አለኝ።»

«ምን ይልዎታል አያ ባሕሩ?»

«ኮዱ በዝርዝሩ የለም ይላል። የድሮውን ቁጥር ነው የጻፍኩት። አርባ አንድ ዘጠና።»

«አርባ አንድ ዘጠና ወጥቷል። ልዩ ልዩ ጉዞ ነበር። ልዩ ልዩ የሚባል ከእንግዲህ የለም።»

«ታዲያ የኔ የት ይግባ?»

«ቀስቷን ይጫኑና የሚቀርበውን ይምረጡ። የሐኪም ጉዞ አለ፣ የሽርሽር አለ፣ ወደ ክበብ መምጫ አለ።»

ሽማግሌው ዝርዝሩን አንድ በአንድ አነበቡ።

«ሐኪም አይደለም» አሉ። «ሽርሽርም አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«የሰው ጉዳይ ነው እንጂ። ተይው፣ እኔ አንድ ነገር አደርጋለሁ።»

አምሳለ ስልኩን ዘጋች። ምንድን ነው ብላ አላሰበችም። ማክሰኞ የሮቫ አሌፍ ፋይል ደረሰ።

ከፍታ ስታየው፣ ከላይ ጥጉ ላይ በቀይ «የማይታወቅ ኮድ፦ 14» ይላል። ይህን ቆጣሪ ራሷ ነበረች ያስገባችው። ያ የሚከለክለው ደንብ የሚፈትሸው ሰው በእጁ የሚጽፈውን ብቻ መሆኑን ታውቃለች፤ ከሌላ ቦታ ተቀድቶ የሚለጠፍን ነገር አያግድም። ስለዚህ በዳር በኩል፣ ማንም ሊነካው በማይችል የተቆለፈ ዓምድ ላይ፣ እያንዳንዱ ኮድ በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን የሚቆጥር ቀመር ጽፋ ነበር። ካጣው መስመሩን ያቀላዋል። አሁን አሥራ አራት መስመሮች ቀልተዋል፤ ሁሉም ላይ 4190 የሚል ስም የሌለው ቁጥር ተቀምጧል። ሳጥኖቹን ስትነካቸው ቀስቷ የለችም። ኤክሴልን ስሕተት ያለበትን ሳጥን በቀይ ክብ አመልክተኝ ብትለው በአንዱም ላይ ክብ አላደረገም። የሚፈትሽበት ደንብ ራሱ ከዚያ ጠፍቷልና። ሽማግሌው ከአምናው ፋይል ቀድተው ሲለጥፉ፣ የአምናው ሳጥን ምንም ደንብ ስላልነበረው፣ የእርሷን ደንብ ከነሥሩ ነቅሎት ገብቷል።

ደወለችላቸው።

«አያ ባሕሩ፣ ለጥፈዋል አይደል?»

«ለጠፍኩ። ገባ። በኋላ ላስተካክል ብል ደግሞ አልነካም አለኝ፤ ተቆልፏል ይላል።»

«የለጠፉት ሳጥን ከነቁልፉ ነው የመጣው። በርቀትም አስተካክልዎታለሁ። ግን ምን እንደሆነ ይንገሩኝ።»

«በስልክ አልነግርሽም» አሉ። በቁጣ አልነበረም። «ነይና ላሳይሽ።»

«እሺ» አለች።

በማግስቱ ጠዋት ሄደች። የሮቫ አሌፍ ክበብ ከአሮጌ ፎቆች ሥር ያለ ዝቅ ያለ ቤት ነው፤ ከጎኑ የአትክልት ሱቅ፣ ከፊቱ የአውቶቡስ ማቆሚያ አለ። ሽማግሌዎቹ በግድግዳው ዙሪያ ተቀምጠው ነርሷ የደም ግፊታቸውን እየለካች ነበር። አቶ ባሕሩ ተነሥተው አምሳለን ጨበጧት፤ እጇን ሳይለቁ ለጥቂት ጊዜ ፊቷን አዩት፤ ከዚያ ወደ ትንሿ ቢሯቸው አስገቧት። ሻይ አቀረቡላት። ሳትጠጣው ቀዘቀዘ።

ከመሳቢያቸው አንድ ደብተር አወጡ። በመስመር የተከፋፈለ፣ ጠርዙ በእጅ ብዛት የጠቆረ ደብተር ነው።

«የመጣንበት አገር» አሉ፣ «ሰው ሲሞት እግር ያለው ሁሉ ይሄዳል። እዚህ ግን ይኸ ሁሉ ሽማግሌ በራሱ አይሄድም። ፎቁ አለ፣ አውቶቡስ መለወጡ አለ፣ ዕብራይስጡ አለ። ለቅሶ ሳይደርሱ ሲቀሩ ያማቸዋል። እውነቴን ነው፤ የሚለካው ደም ግፊት እንኳ ይወጣል። ስለዚህ ሚኒቡስ እይዛለሁ። ሃያ ሰው ይሁን አሥር ሰው፣ እናስተዛዝናለን፤ እንመለሳለን። ፊት የነበረችው የሒሳብ ሠራተኛ አርባ አንድ ዘጠና ላይ ጻፈው ብላኝ ነው። አልደበቅሁም።»

«ደበቁ አላልኩም።»

«አንቺ አላልሽም፤ ወረቀትሽ ነው ያለኝ። ሐኪም በል አለኝ። እንዴት ሐኪም እላለሁ?»

ደብተሩን ወደ እርሷ ገፉት። ቀኑ፣ ሰፈሩ፣ የሟቹ ስም፣ የተሳፋሪው ብዛት፣ የሚኒቡሱ ዋጋ በተራ ተጽፏል። አምሳለ ላፕቶፗን ከፍታ ቀያዮቹን መስመሮች ከደብተሩ ጋር ታመሳክር ጀመር። የጥር፤ ልክ ነው። የየካቲት ሁለቱ፤ ልክ ናቸው። የግንቦቱ ዋጋ በሃያ ሸቀል ይለያል፤ ጠየቀቻቸው፤ ለሾፌሩ ውሃና ዳቦ ነው አሉ። ወደ ሐምሌ መጣች። ሁለት መስመር ነበር፤ ሁለቱም ዩድ ዛይን። ከቀኑ ቀጥሎ በእጃቸው ጽሑፍ «አዳነ፣ የአምሳለ ወንድም» ይላል። አሥራ ዘጠኝ ሰው። በሰባተኛው ቀን ደግሞ ሃያ ሁለት ሰው።

ልክ ነው ብላ ምልክት አደረገች። ወደሚቀጥለው መስመር ወረደች። ከዚያ እጇ ቆመ።

«ሁለት ጊዜ ነው የመጣችሁት?» አለች።

«ሁለት ጊዜ። ምነው፣ አታስታውሺም?»

«አላስታውስም።»

አቶ ባሕሩ ደብተሩን አልመለሱትም። ወደ ወንበራቸው ደገፍ አሉና እንደ ተራ ነገር አወሯት።

«በመጀመሪያው ቀን ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። እኛን ከውስጥ አስቀመጡን። አንቺ አልተቀመጥሽም። ተቀመጪ ሲሉሽ እሺ እያልሽ ውሃ ታድያለሽ። ልንሄድ ስንነሣ የኔ ጫማ ማሰሪያ ተፈቶ አየሽ መሰለኝ፣ ጎንበስ ብለሽ አሰርሽልኝ። ኧረ ተይ፣ አንቺ ዛሬ ባለ ሐዘን ነሽ ብልሽ አልሰማሽኝም። ሁለቱንም አሰርሽ፤ አንዱ እኮ አልተፈታም ነበር። ፈተሽ እንደገና አሰርሽው።»

አምሳለ ሰማች። ስለ ሌላ ሰው የሚወራ ይመስል ነበር። የዚያች ሴት እጅ፣ የዚያች ሴት ጉልበት መሬት ላይ። ልታስታውስ ሞከረች፤ በአዳነ ፎቅ ካለው አሳንሰር መብራት በቀር የመጣላት ነገር አልነበረም።

«አይዞሽ» አሉ ሽማግሌው። «እኔም የእናቴን ቀብር አላስታውስም። ሱዳን ነው። ቀበርካት ይሉኛል።»

ትንሽ ቆይታ ላፕቶፗን ዘጋች። ፋይሉን ላስተካክለው፤ ኮድ የሚሆነውን ደግሞ ሮኒትን ልጠይቅ ብላ ወጣች። በር ላይ «ነገሩን በስሙ ጻፊው» አሏት። «ቢከለክሉትም በስሙ ይከልክሉት።»

ሮኒት ነገሩን ቆማ ነው የሰማችው። ከዚያ ተቀመጠች።

«አምሳለ፣ ጥሩ ነገር ነው፤ ይገባኛል» አለች። «ግን ገንዘብ ከሚሰጡን አንዱም ለለቅሶ ጉዞ አይከፍልም። በስሙ ካወጣነው ያዩታል። 4120 ምረጪለት። ጉዞ ነው፤ የሄዱትም ሽማግሌዎች ናቸው። ቅጹ ይቀበለዋል።»

«ይቀበላል» አለች አምሳለ። «ግን ሐኪም ጋ አልሄዱም።»

«ማን ያውቃል?»

«የሐኪም ጉዞ በስንት ሰው ስንት ጉዞ ብለው ከሕክምና ቀጠሮው ጋር ያስተያያሉ። አሥራ አራት ጉዞ ያለ ቀጠሮ ይገኛል። ያን ጊዜ የሐኪሙንም ይከለክሉናል።»

ይህ እውነት ነበር፤ ሮኒትም ታውቀዋለች። አምሳለ የተናገረችው ግን ለእውነቱ ብቻ አልነበረም። አዳነ የሐኪም ጉዞ ተብሎ እንዲጻፍ አልፈለገችም። አዳነ ሐኪም ጋ አልደረሰም፤ የቤቱ ደረጃ ላይ ነው የወደቀው። ይህን ለሮኒት አልነገረቻትም። ከአራት ወር ወዲህ አንድ ነገር አልፈልግም ስትል የመጀመሪያዋ መሆኑን ያወቀችው ቆይታ ነው።

ሮኒት በእስክሪብቶዋ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገች።

«እሺ፤ አንድ ኮድ ጨምሪ» አለች በመጨረሻ። «ኦሃድ ቢቆርጠው ግን እኔ አልከራከርልሽም።» ኦሃድ የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ ነው።

አምሳለ በስድስቱም ፋይል የተደበቀውን ገጽ አወጣች። የእያንዳንዱ ክበብ ፋይል ለየብቻው ነውና አንዱ ቢታረም ሌላው አያውቅም። በጉዞ ዝርዝር መጨረሻ «4135 ለቅሶ መድረሻ ጉዞ» ብላ ጨመረች። ዝርዝሩ ሲረዝም አብሮ እንዲረዝም አድርጋ ሠርታው ስለነበር፣ አዲሱ ኮድ በየሳጥኑ ቀስት ሥር ወዲያው ታየ። የአቶ ባሕሩን አሥራ አራት ሳጥኖች ከጤናማ ሳጥን ደንቡን ብቻ ቀድታ መለሰችባቸው፤ ቁልፋቸውን ፈታች፤ ምዕራፉን አስተካክላ 4135ን መረጠች። ቀዩ አንድ በአንድ ለቀቀ። ቆጣሪው ዜሮ ሆነ። ለሁሉም ክበብ «አዲስ ኮድ ተጨምሯል፤ የሚመለከታችሁ አስተካክሉ» ብላ መልሳ ላከች።

ከዚያ ያልጠበቀችው መጣ። ሲጋል ደወለችላት።

«ለቅሶ የምትይው፣ እኛም እንሄዳለን እኮ» አለች። «እኔ ሽርሽር ነበር የመረጥኩት። ሌላ ምን ልምረጥ? ልቀይረው?»

«ቀይሪው።»

ሦስተኛ ክበብም ቀየረ፤ እነርሱ ከጽሕፈት መሣሪያ ጋር ነበር የከተቱት። ቀድሞ የላኩትም ሁሉ ከዝርዝሩ የተመረጠ፣ ፊደሉ ያልተዛነፈ፣ ቆጣሪው ዜሮ ያለው ሒሳብ ነበር። እርሷም ሮኒትም ንጹሕ ነው ብለው አልፈውታል። አዲሱን ድምር ስታወጣ የለቅሶ ጉዞ ብቻውን ሃያ ስድስት ሺህ አራት መቶ ሸቀል ሆኖ በአንድ መስመር ቆመ። ማኅበሩ ለዚህ ነገር ይህን ያህል ማውጣቱን ያወቀ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም።

ኦሃድም ያንን መስመር ነው መጀመሪያ ያየው።

በስብሰባው ሦስት ነበሩ። ኦሃድ ጣቱን ቁጥሩ ላይ አድርጎ «ይኸ ከየት መጣ?» አለ። ሮኒት ወደ አምሳለ ተመለከተች።

«አልመጣም» አለች አምሳለ። «ነበር። ሽርሽርና የጽሕፈት መሣሪያ ይባል ነበር።»

«የአምናውም?»

«የአምናውም። የአምናውን ግን ለይቼ ላወጣው አልችልም።»

ኦሃድ አነበበ። ከዚያ ወደ አንድ ለቅሶ ለምን ሁለቴ ተሄደ ብሎ ጠየቀ። ሐምሌ ላይ ነበር ጣቱ። ስም በቅጹ ላይ የለም፤ ቀንና ሰፈር ብቻ ነው።

«በመጀመሪያውና በሰባተኛው ቀን» አለች አምሳለ። ድምጿ እንደ ወትሮው ነበር። «የኔ ወንድም ነው።»

ኦሃድ ጣቱን አነሣ። ይቅርታ አላት። እሺ አለችው።

ውሳኔው በዚያው ቀን ወጣ። የለቅሶ ጉዞ ከለጋሾች ሒሳብ ሁሉ ይወጣል፤ ማኅበሩ ከራሱ መዋጮ ብቻ ይከፍለዋል፤ ለሚመጣው ዓመት አሥራ ሦስት ሺህ ሸቀል ተመደበ፤ ለአንድ ለቅሶ አንድ ጉዞ፤ ከአሽዶድ ውጭ የለም። ግማሹ ሄደ ማለት ነው። ሮኒት በኮሪደሩ ላይ ክንዷን ይዛ «በሐኪም ስም ቢሆን ሙሉው ይቆይ ነበር» አለቻት። አምሳለ ሊሆን ይችላል አለች። ሊሆን ይችል ነበር በእርግጥ፤ እስኪያዝ።

ለአቶ ባሕሩ በስልክ ነገረቻቸው። ግማሹ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከከተማ ውጭ የለም አለቻቸው።

«ሰባተኛውን ከየኪሳችን አዋጥተን እንሄዳለን» አሉ። «በነፍስ ወከፍ አርባ ሸቀል አይደርስም። አሽቀሎን ለሚሞተው ግን ምን እንደምናደርግ እንጃ።»

«ይቅርታ አያ ባሕሩ።»

«ምን አድርገሽ? በስሙ ጻፊው ያልኩሽ እኔ አይደለሁም?» ከዚያ ቆይተው «ይኸች ቀስት ግን» አሉ፣ «ስጫናት ከላይ ያሉት ቃላት ይደበቁብኛል፤ ወደ ታች ነው የምትወርደው። ምን ባደርግ ነው?»

በጎኗ ያለውን መጎተቻ እንዴት ወደ ላይ እንደሚስቡ አስረዳቻቸው፤ ሦስት ጊዜ። በሦስተኛው ገባቸው።

ያን ዕለት ከሥራ ስትወጣ ገና ብርሃን ነበር። ወደ ቤቷ የሚወስደው አውቶቡስ መጣ፤ ሰው ገባ፤ እርሷ ማቆሚያው ላይ እንደቆመች ሄደ። የሚቀጥለው የዩድ ዛይኑ ነበር። ገባች። ደክሟት ነበር፣ አውቶቡሱም ባዶ ወንበር ነበረው።

ጸሐይነሽ በሩን ከፍታ ስታያት አልጮኸችም፤ አልወቀሰቻትም። «ግቢ» ብቻ አለቻት። ልጆቹ አልተመለሱም ነበር። ሩዝና ምስር አሞቀችላት። አምሳለ በላች።

«ጸሐይነሽ» አለች ሳህኑን እያየች፣ «ያን ጊዜ ማን ማን መጣ?»

«መቼ?»

«በለቅሶው። እኔ ምንም አላስታውስም። ጫማ አሰርሽ ይሉኛል።»

ጸሐይነሽ ከፊቷ ተቀመጠች። ለረጅም ጊዜ አየቻት። የምትቀልድባት መስሏት ሳይሆን አይቀርም፤ ከዚያ እንዳልሆነ ገባት።

«የሁሉንም ሰው ጫማ ነበር የምታስሪው» አለች። «የልጆቹን ሁሉ። ሳሙኤል፣ የጎረቤታችን ልጅ፣ ማሰሪያ የሌለው ጫማ አድርጎ መጥቶ ግራ ገባሽ።»

ከዚያ መናገር ጀመረች። ከሐይፋ ማን እንደመጣ፣ ማን ድንኳኑን እንደተከለ፣ የአዳነ የሥራ ጓደኞች እንዴት በሥራ ልብሳቸው ቀጥታ እንደመጡና ወንበር ስላጡ ቆመው እንደዋሉ፣ ማን መምጣት ሲገባው እንዳልመጣ። በዚህኛው ላይ ድምጿ ሰላ አለ። አምሳለ አላለቀሰችም። የምትሰማው ነገር ደረቷ ድረስ የደረሰ አይመስላትም ነበር። ግን አንድ ስም ሲያልፋት ቆይ ትላለች፤ ማን አልሽ? ጸሐይነሽም ትደግምላታለች።

ልጆቹ ቁልፉን ሲያዞሩ ሁለቱ ሴቶች የለቅሶውን የመጀመሪያ ቀን እንኳ ገና አውርተው አልጨረሱም ነበር።